ያደረ የቀይ ወይን ጠጅ እድፍ ከጥጥ የጠረጴዛ ልብስ ላይ እንዴት ይለቃል

በጥጥ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ፈስሶ ያደረ ቀይ ወይን ጠጅ ጠዋት ሲታይ ማታ የፈሰሰውን አይመስልም። ማታ ደማቅ ቀይ የነበረው ወደ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ወደ ቡኒ ያደላል። መሀሉ ሳሳ ይልና ዳር ዳሩን ጠቆር ያለ ቀለበት ይከበዋል። ውኃው ከዳር ፈጥኖ ስለሚተን መሀል ያለው ፈሳሽ ቀለሙን ይዞ ወደ ዳር ይሳባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሳብ ያደረው ቀለም እዚያው ዳሩ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ያደረ እድፍ ሲታጠብ ብዙ ሥራ የሚጠይቀው መሀሉ ሳይሆን ቀለበቱ ነው።

የወይን ጠጁ ቀለም የሚመጣው ከወይኑ ፍሬ ቆዳ ሲሆን፣ ለእድፉ ተጠያቂ የሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አንቶሳያኒን የሚባለው ቀለም ሰጪ ነው፤ ቀይ ጎመንን የሚያቀላውም እሱ ነው። ሁለተኛው ታኒን ነው። ወፍራም ሻይ ሲጠጣ ምላስን ደረቅ የሚያደርገው፣ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችም ከዛፍ ልጥ የሚያገኙት ይኸው ታኒን ነው። ወይን ጠጁ እርጥብ ሳለ ሁለቱም በውኃ ሟምተው ስለሚንሳፈፉ በውኃ ይወጣሉ። ጨርቁ ሲደርቅና አየር ሲያገኘው ግን እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ትልልቅ ይሆናሉ፣ በቀላሉም አይሟሙም። ጥጥ ደግሞ ውኃ ወዳድ ነው። ፈሳሹን እስከ ክሩ ውስጥ ድረስ ስለሚስበው፣ ቀለሙ የሚደርቀው ከላይ ተለጥፎ ሳይሆን ከክሩ ጋር ተጣብቆ ነው። ያደረ እድፍ በውኃ ብቻ ተጠርጎ የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ ጥጥ ጠንካራ ክር ነው፤ ሐርና ሱፍ የማይችሉትን ሙቅ ውኃና ማንጫ ይችላል። ተስፋ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

የወይን ጠጁ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እንደ ጉደር ያለው ደረቅ ወይን ጠጅ የሚተወው ባመዛኙ ቀለምና ታኒን ነው። እንደ አክሱሚት ያለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ በዚያ ላይ ስኳር ይጨምራል። ስኳሩ ሲደርቅ ጨርቁን ገትሮ እንደ ስታርች ያደርቀዋል፤ ሳይወጣ ካውያ ካረፈበት ደግሞ ያርርና ቡኒ ጠባሳ ይሆናል። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር እድፍ ስኳር አለው ማለት ነውና፣ ከሌላው ሁሉ በፊት በቂ ውኃ ማግኘት አለበት።

ብዙ ጊዜ እድፉ ለጉዳት የሚዳረገው ወይን ጠጁ በፈሰሰ ሰዓት ሳይሆን ጠዋት በጥድፊያ በሚደረገው ነገር ነው። በመጀመሪያ የሚታወሰው ጨው ነው። ጨው ወይን ጠጁ እንደፈሰሰ ሲነሰነስበት ፈሳሹን መጥጦ ይይዛል፤ እድፉ ከደረቀ በኋላ ግን የሚመጠው ፈሳሽ የለም። በደረቅ እድፍ ላይ ጨው ማሸት ክሩን ከመፋቅ በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ነጭ ወይን ጠጅ ማፍሰስም እንደዚሁ ነው። የሚሠራው ስለሚያቀጥን ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ ያንኑ ሥራ ያለ ወጪ ይሠራዋል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደረቅ ሳሙና ነው። እድፉ ረጥቦ የልብስ ሳሙና እንደታሸበት ሐምራዊው በደቂቃ ውስጥ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይለወጣል። ያየ ሰው እድፉ የባሰበት ይመስለዋል፤ በድንጋጤም በረኪና ያነሳል። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንቶሳያኒን ጎምዛዛ ነገር ሲያገኘው ይቀላል፣ ሳሙና ሲያገኘው ይሰማያል። ይህን ለማየት የእድፉን አንድ ጥግ በሎሚ ውኃ፣ ሌላውን ጥግ በሳሙና ውኃ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ አንዱ ሲቀላ ሌላው ግራጫ ይሆናል፣ ቀለሙ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ስለዚህ መሰማየቱ በራሱ ጉዳት አይደለም። ደረቅ ሳሙና የማይመከረው በሌላ ምክንያት ነው፤ የታኒን እድፍን፣ የሻይንና የቡናንም ጭምር፣ ይበልጥ ያጣብቀዋል። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ወይም የዱቄት ሳሙና ግን ይህ ችግር የለበትም።

ሙቀትን በተመለከተ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። ደምና እንቁላል በሙቅ ውኃ ሲነኩ ስለሚረጉ፣ እድፍ ሁሉ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይታጠብ የሚል ልማድ አለ። ወይን ጠጅ እንደዚያ የሚረጋ ነገር የለውም። ሙቅ ውኃ ቀለሙን በተሻለ ያሟሟዋል፤ ማንጫውም ያለ ሙቀት በቅጡ አይሠራም። አደገኛው ደረቅ ሙቀት ነው። ካውያ፣ የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ ምድጃ አጠገብ መስቀል፣ እነዚህ ያልወጣውን ቀለም ክሩ ላይ ያበስሉታል። የሚሻለው ሐሳቡን እንዲህ መያዝ ነው፦ በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ ሞቅ ያለ ውኃ፣ ካውያ ግን እድፉ ሙሉ በሙሉ መልቀቁ በቀን ብርሃን እስኪረጋገጥ ድረስ ከልብሱ አይደርስም።

አሁን አንድ ጉዳይ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሄድ ይቻላል። ነጭ የጥጥ የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ ዳሩ ላይ ባለቀለም ጥበብ አለው። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ግማሽ ብርጭቆ ጉደር ፈሰሰበት። እንግዳ ስለነበረ ማንም አልነካውም፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አደረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እድፉ ከትልቅ ሰሃን ይሰፋል፤ ዳሩ ጠቁሯል፣ አንዱ ጎኑም ከጥበቡ ሦስት ጣት ይርቃል።

ውኃ ከመነካቱ በፊት ጥበቡ መፈተን አለበት። ሞቅ ባለ የሳሙና ውኃ የራሰ ነጭ ጨርቅ በተገለበጠው የጥበብ በኩል፣ በማይታይ ጥግ ላይ ለአምስት ደቂቃ ተጭኖ ይቆያል። ነጩ ጨርቅ ቀለም ካልያዘ ልብሱ ሙሉውን ሊዘፈዘፍ ይችላል። ቀለም ከያዘ ግን የሚታጠበው እድፉ ያለበት መሀሉ ብቻ ሆኖ፣ ጥበቡ ከሳፋው ውጭ ተጠቅልሎ በደረቁ ይቀመጣል። ይህ ፈተና የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው፤ ያልተፈተነ ጥበብ የለቀቀው ቀይ ወይም አረንጓዴ ግን ከወይን ጠጁ ይልቅ ያስቸግራል።

ሳፋው ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ታኒን ብረት ሲያገኝ ጥቁር ይሆናል፤ ዝገት ያለው ወይም ሽፋኑ የተላላጠ የብረት ሳፋ ሐምራዊውን እድፍ ወደማይለቅ ጥቁርነት ሊያዞረው ይችላል። የሚያሳስበው ይህ ብቻ አይደለም። በኋላ የሚገባው ማንጫ የዝገት ብናኝ ሲነካ በዚያች ነጥብ ላይ ኃይሉ ከመጠን በላይ ይፈጥንና ጥጡን ይበላዋል። ታጥቦ ነጭ ሆኖ የወጣ ልብስ ላይ ምስማር የወጋው የሚመስል ቀዳዳ የሚገኘው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። የቧንቧው ውኃ መጀመሪያ ሲከፈት ቡኒ ሆኖ የሚመጣ ከሆነም እስኪጠራ ድረስ ማፍሰስ ይገባል።

የመጀመሪያው ውኃ ቀዝቃዛ ነው። እድፉ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል የሚሆን ንጹሕ ጨርቅ አብሮ ይርሳል፤ እድፉ ብቻ ከረጠበ የሟሟው ቀለም ወደ ደረቁ ጨርቅ ይሸሽና አዲስ ቀለበት ይሠራል። ለግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ ይቆይና ሮዝ የሆነው ውኃ ተደፍቶ በሌላ ይተካል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ውኃው ጠርቶ ይቀራል፣ እድፉ ግን አሁንም አለ። ስኳሩና ያልተጣበቀው ቀለም ሄዷል ማለት ነው። እዚህ ላይ እጅ ጨርቁን ለመፈተግ ይነሳሳል፤ መታገሥ ያስፈልጋል። የተፈተገ ጥጥ ጸጉሩ ይነሳል፤ እድፉ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ያ ቦታ ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ያልወጣ እድፍ ይመስላል። ከሥር ንጹሕ ፎጣ አንጥፎ ከላይ በሌላ ጨርቅ መጫንና ማንሳት ይበልጥ ይሠራል።

ቀጥሎ አቼቶ ይመጣል። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ ቀጥኖ፣ ጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ተጨምሮበት እድፉ ላይ ይፈስና አስራ አምስት ደቂቃ ይቆያል። እድፉ መልሶ ደመቅ ብሎ ይቀላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጎምዛዛው ነገር ታኒኑን ያላላዋል፣ ቀለሙንም በውኃ እንደገና እንዲሟሟ ያግዘዋል። በምሳሌው ልብስ ላይ ይህ ደረጃ ሲያልቅ መሀሉ ፈዛዛ ሮዝ ሆኗል፤ ቀለበቱ ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል። አቼቶው በብዙ ውኃ ተለቅልቆ መውጣት አለበት። የሚቀጥለው ማንጫ አሲድ ባለበት በደንብ አይሠራም፤ አንድ ሰው በረኪና ልጠቀም ካለ ደግሞ የቀረው አቼቶ አደጋ ይፈጥራል።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ቀለሙን ከጨርቁ የማላቀቅ ሥራ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ግን ተጣብቆ የቀረ ቀለም ነውና ባለበት ቀለምነቱን ማጣት አለበት። ይህን የሚያደርገው ኦክሲጅን ነው። ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለባቸው፣ «ለባለቀለም ልብስም የሚሆን» ተብለው የሚሸጡ የማንጫ ዱቄቶች ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የልብስ ሶዳ ይሰጣሉ። ፐርኦክሳይዱ የአንቶሳያኒኑንና የታኒኑን ቀለም የያዘውን ክፍል ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ቁራጭ ቀለም የለውም፣ በውኃም ይሟሟል። ሥራውን በደንብ የሚሠራው ውኃው ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የተዘፈዘፈ ልብስ ቀኑን ሙሉ ቢቆይም ውጤቱ ትንሽ ሲሆን፣ ዱቄቱ አይሠራም የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሙቀቱን ለመመጠን ቴርሞሜትር አያስፈልግም። አንድ እጅ የፈላ ውኃ ከሁለት እጅ የቧንቧ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል፤ እጅ ሲገባበት ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ለምሳሌው ልብስ ሁለት ሊትር የፈላና አራት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ሳፋው ውስጥ ተቀላቅሎ ዱቄቱ አስቀድሞ ይሟሟል። የዱቄቱ መጠን የሚወሰደው ከማሸጊያው ነው፤ ንጹሕ ፐርካርቦኔት ከሆነ ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዱቄቱ ሳይሟሟ ጨርቅ ላይ ከተነሰነሰ ያረፈበትን ነጥብ ብቻ ለይቶ ያነጣዋል። ልብሱ ሲገባ ውኃው ስልም ስልም የሚሉ ጥቃቅን አረፋዎች ያወጣል። እድፉ በዚህ ጊዜ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ግራጫ፣ ከዚያም ወደ ፈዛዛ ቢጫ ይሄዳል። ሰማያዊው የሶዳው ሥራ ነው፤ ቢጫው ግን ቀለሙ እየተሰበረ መሆኑን ያሳያል። ልብሱ ከውኃው በላይ እንዳይንሳፈፍ ሰሃን ይጫንበታል። ሳፋው በጨርቅ ይሸፈን እንጂ ግጥም ተደርጎ አይዘጋ፤ ድብልቁም ጠርሙስ ውስጥ ተከድኖ ለሌላ ቀን አይቀመጥ። ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል፣ ጉልበቱም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ያልቃል።

ዱቄቱ በማይገኝበት ቦታ ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለት እጅ ፐርኦክሳይድ ከአንድ እጅ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጋር በዚያው ሰዓት ተቀላቅሎ እድፉ ላይ ይፈሳል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት ይፈጥናል። እድፉ እንዳይደርቅ በፌስታል ተሸፍኖ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ደርቆ የተገኘ ፐርኦክሳይድ ሥራውን አቁሟልና እንደገና ይረጠባል። ጸጉር ቤቶች ለቀለም የሚጠቀሙበት ፐርኦክሳይድ ከፋርማሲው ይበልጥ ብርቱ ስለሆነ ቆዳንም ጨርቅንም ይጎዳል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለል ያለውም ቢሆን በጓንት ቢነካ ይሻላል።

በምሳሌው ልብስ ላይ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሀሉ ሙሉ በሙሉ ለቋል፤ ቀለበቱ ግን እንደ ቀጭን የእርሳስ መስመር ይታያል። የሚሻለው አሮጌውን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ሙቅ ውኃና በአዲስ ዱቄት መድገም ነው። ውኃው ቀዝቅዟል፣ ኦክሲጅኑም አልቋልና በዚያው መቆየቱ አይጠቅምም። ሁለተኛው መዘፍዘፍ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በተለመደው የዱቄት ሳሙና ታጥቦ፣ ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል።

መልቀቁን በእርጥብ ጨርቅ ላይ መፍረድ አይቻልም። ውኃ የጠጣ ጥጥ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ደካማ እድፍ ይሸሸግበታል፤ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይታያል። ይህንን ያላወቀ ሰው እድፉ ራሱን መልሶ የሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ ልብሱ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ በመስኮት ብርሃን ከፊትም ከጀርባም ይታያል። ፈዛዛ ቢጫ ወይም ሮዝ ጥላ ከቀረ ፀሐይ ታግዛለች። ነጩ ክፍል ውኃ ረጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ እንደገና ይረጠባል። የቀረው አንቶሳያኒን ብርሃንን የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን እንዲህ የተሰጣ ልብስ ላይ የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው። ጥበቡ ግን በሌላ ጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ፀሐይ የወይን ጠጁን ቀለም ከጥበቡ ለይታ አታነጣም።

በረኪናን በተመለከተ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ነጭ ጥጥ ላይ የወይን ጠጅን ቀለም ያጠፋል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቀለሙን ሲሰብር ክሩንም አብሮ ያደክማል፤ ጥበብና ጥልፍ ከነካ በደቂቃዎች ውስጥ ያገረጣል፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ልብስም ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ፣ ጥበብ በሌለው ነጭ ጥጥ ላይ፣ በማሸጊያው መጠን ቀጥኖ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተገናኘ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞንያ ካለበት የቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሠራል። ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሁለቱም በኃይል ይዋጉና ይከሽፋሉ። በየመሀሉ መለቅለቁ ለእድፉ ብቻ ሳይሆን ለአጣቢውም ጭምር ነው።

ሁሉም እድፍ በዚህ መንገድ አይለቅም። ካውያ የተኮሰበት፣ በማሽን ማድረቂያ ያለፈ፣ ወይም ለወራት ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ እድፍ ከሁለት ሙሉ መዘፍዘፍ በኋላ ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ከእድፉ ይልቅ ጥጡን ነው የሚነካው። ልዩነቱን ማወቅ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ዙር እየፈዘዘ የሚሄድ እድፍ መደጋገም ይገባዋል፤ በሁለት ዙር አንድ ዓይነት ሆኖ የቀረ ግን ቆሟል። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ላይም የጥጡ ክር ሊነጣ ሲችል በፖሊስተሩ ላይ የተያዘው ጥላ ሊዘገይ ይችላል።

በምሳሌው ልብስ ከሁለተኛው ዙር በኋላ የቀረው በጥበቡ በኩል ያለች የጥፍር ያህል ቢጫ ነጥብ ናት። እዚያ ዱቄቱ የገባበትን ሳፋ እንደገና ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ በጥጥ የተነከረ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ነጥቡ ላይ ብቻ ተጭኖ ሃያ ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ይለቀለቃል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ በቀን ብርሃን ይታያል። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ስታርች ተደርጎ በትንሽ እርጥበቱ ሳለ በካውያ ይተኮሳል።